ጉልበቱ ተለካ፤ ከዚያስ?

ሴትየዋ ወረቀቱን ውኃ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልለው ነው ይዘውት የመጡት። ሌላ ቦታ የተሠራላቸው የፊዚዮቴራፒ ምርመራ ነው። ዘርግቼ ሳነበው ሥራው ንጹህ ነበር። የቀኝ ጉልበት 118 ዲግሪ ይታጠፋል፤ የግራው 135። ቀኙ ሙሉ በሙሉ ለመዘርጋት 5 ዲግሪ ይቀረዋል። የፊት ጭን ጡንቻ ጥንካሬ ከ5 4 ተሰጥቶታል። እብጠት የለም። ጠዋት ሲነሱ ለ10 ደቂቃ ያህል ጉልበታቸው ይያያዛል፤ ከዚያ ይፈታል። ሐኪማቸው የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም የመገጣጠሚያ መበላት፣ ነው ብሏቸዋል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ከዚያ ጋር ይስማማል።

ከታች «ዕቅድ» የሚል መስመር አለ። ግብ፦ ህመም መቀነስ፣ ጥንካሬ መጨመር። ሕክምና፦ ሙቀት፣ የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ፣ የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ። በቃ።

«ቤት ውስጥ ምን ይሥሩ አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እግርዎን እያነሱ ያውርዱ አሉኝ። አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እንደ አቅሜ ነዋ ልጄ።»

ያ ወረቀት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የሞላው ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንደዚያ በጥንቃቄ የሚለካ ሰው ሰነፍ አይባልም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የእኚህ ሴት ናቸው። ከታች ያለው ዕቅድ ግን የማንም ሊሆን ይችላል። ኳስ ሲጫወት ጉልበቱን ለተመታ ወጣትም ያንኑ መጻፍ ይቻላል። ምርመራውና ዕቅዱ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ እንጂ አይተዋወቁም።

በርጩማው

58 ዓመታቸው ነው። እዚሁ ሐዋሳ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። «ምን መሥራት አቃተዎት?» ስላቸው መልሳቸው «ጉልበቴን ያመኛል» ነው። አብዛኛው ታካሚ እንደዚህ ይመልሳል። የጠየቅነው ስለ ሥራ፣ የሚነግሩን ስለ ህመም። ስለዚህ አሁን አሁን ጥያቄውን ቀይሬዋለሁ። «ትናንትን ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ» እላለሁ። ሰው ትናንትን ሲተርክ የሚቸገርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል ወይም ይቸኩላል።

እሳቸውም ተረኩ። መነሳት፣ ጸሎት፣ ቁርስ፣ ጉሊት። ጉሊቱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደንበኛ መጥቶ ልነሳ ስል ጎረቤቴ እጇን ትሰጠኛለች። እሷ ከሌለች መሬቱን በእጄ ተደግፌ፣ እንደ ሕፃን ድኼ ነው የምነሳው። ሰው እያየኝ።»

አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ወደ መሬት አየች። ወረቀቱ ላይ ይህ የለም። ሊኖርም አይችልም። ምርመራው በሙሉ የተሠራው አልጋ ላይ ተኝተው ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጉሊት ላይ የሚቀመጡበትን በርጩማ ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ልጅቷ በባጃጅ ይዛው መጣች። ከወለሉ እስከ መቀመጫው በሜትር ስለካው 24 ሴንቲ ሜትር ሆነ። እኛ ክሊኒክ ውስጥ የመነሳት ችሎታ የምንለካበት ወንበር 43 ሴንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መቀመጫ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበቱ የበለጠ ይታጠፋል፤ የፊት ጭን ጡንቻም ገላን ለማንሳት የሚያወጣው ኃይል ይጨምራል። ከ43 የሚነሳ ሰው ከ24 ላይነሳ ይችላል።

ከበርጩማው ሲነሱ ዝም ብዬ አየሁ። እግሮቻቸውን ወደ ፊት ወርወር አድርገው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ወደ ወለሉ ሄደ። ገላቸው ሁሉ ወደ ግራ ዞረ። ቀኝ እግራቸው ከነጫማው ተንሳፍፎ ቀረ፤ ክብደት የወረደበት ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እኚህ ሴት በቀን ስንት ጊዜ ይነሳሉ፤ ይቀመጣሉ። ያ ሁሉ መነሳት እንዴት አላጠነከራቸውም? ቀኙ ስለማይሠራ ነው። በእያንዳንዱ መነሳት ግራውና እጁ ሥራውን ይወስዱበታል። እየደከመ ይሄዳል፤ በደከመ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይታለፋል።

የትኛው ነው የሚይዛቸው?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው አመዳደብ የሰውን ችግር በሦስት ያያል፦ የአካሉ ጉዳት፣ የሚያቅተው ተግባር፣ ከማኅበራዊ ኑሮው የሚጎድልበት። ዲግሪና ጥንካሬ የመጀመሪያው ናቸው። ከበርጩማ መነሳት ሁለተኛው። ሰው ፊት ሳያፍሩ ጉሊት ላይ መሥራት ሦስተኛው። ምርመራን ዕቅድ ማድረግ ማለት ከሁለተኛው ተነስቶ ወደ ላይ መጠየቅ ነው፦ ከእነዚህ የአካል ግኝቶች ውስጥ ይህን ተግባር የያዘው የትኛው ነው? ሁሉም አይደሉም። ሁሉንም ለማከም የሚሞክር ዕቅድ ደግሞ ቤት ውስጥ አይሠራም።

መጀመሪያ የጉልበቱ መታጠፍ። 118 ዲግሪ ከግራው በ17 ያንሳል፤ ወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ነው። ግን በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል! ከመነሳት የሚያግዳቸው እሱ አልመሰለኝም። ስለዚህ ከዕቅዱ አወጣሁት። መዘርጋት የቀረው 5 ዲግሪም ለአካሄድ እንጂ ለዚህ ተግባር ብዙ አያግድም፤ ደግሞም በእጅ በሚያዝ አንግል መለኪያ 5 ዲግሪ የመለካት ስህተት ሊሆን ይችላል። እሱንም ለ6ኛው ሳምንት አሳደርኩት።

የቀረው ጥንካሬና ህመም ነው። «ከ5 4» የሚለው እዚህ ምንም አይነግረኝም። 4 ማለት ታካሚው የመርማሪውን እጅ በመጠኑ ተቋቋመ ማለት ነው። የእኔ እጅ ግን የእሳቸውን ገላ አያህልም። ስለዚህ በበርጩማው ለካሁ። ግቢያችን ውስጥ የተራረፉ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ነበሩ። በርጩማው ላይ እየደራረብኩ፣ በጎማ ገመድ ጠበቅ አድርጌ እያሰርኩ፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፌ ሞከርን። 4 ጣውላ፣ ማለትም 36 ሴንቲ ሜትር ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው 9 ጊዜ ተነሱ፤ ከዚያ ገላቸው ወደ ግራ መዞር ጀመረ። 33 ላይ 4 ጊዜ፣ በብዙ ትግል። 30 ላይ ጭራሽ አልሆነም። በ43ቱ ወንበር በ30 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜ ተነስተዋል። ከ60 እስከ 64 ዓመት ላሉ ሴቶች በአሜሪካ የወጣው የተለመደ ውጤት ከ12 እስከ 17 ነው፤ እሳቸው ከዚያ ዕድሜ ገና ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ሞከርኩ። እግራቸውን ወደ በርጩማው ሳብ አድርገው፣ አፍንጫቸው ከጣታቸው በላይ እስኪሆን ወደ ፊት አዘንብለው እንዲነሱ ነገርኳቸው። 33 ላይ 4 የነበረው 6 ሆነ፤ ህመሙም ከ10 6 የነበረው ወደ 5 ወረደ። አንድም ጡንቻ ሳይጠነክር ማለት ነው። ከችግሩ ከፊሉ ድክመት ሳይሆን አነሳሱ ነበር።

ግቡን መጻፍ

አሁን ግብ መጻፍ ይቻላል። እንዲህ ጻፍኩት፦ «በ12 ሳምንት ውስጥ ከ24 ሴንቲ ሜትር በርጩማ፣ እጅ ሳይደገፉና ሰው ሳይረዳቸው፣ 3 ጊዜ በተከታታይ መነሳት፤ ህመሙ ከ10 ከ3 ሳይበልጥ።» ማን፣ ምን፣ ከምን ላይ፣ ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ። ሌላ ባለሙያ እኔ በሌለሁበት ሜትሩን ይዞ መጥቶ ደረሱ ወይም አልደረሱም ማለት መቻል አለበት። «ጥንካሬ መጨመር» ግን አልተሳካም ብሎ የሚከራከር ሰው የለውም።

ለ12 ሳምንቱ ምክንያት አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኃይል የሚጨምረው በዋናነት ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ ስለሚለምድ ነው። ጡንቻው ራሱ እስኪለወጥ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከ36 እስከ 24 አራት ጣውላ ነው፤ በየ3 ሳምንቱ አንድ። መሀል ላይ ማለትም በ6ኛው ሳምንት 30 ሴንቲ ሜትር ላይ 5 ጊዜ፣ በ43ቱ ወንበር ደግሞ በ30 ሰከንድ 11 ጊዜ አልኩ። ለምን 11? ከ8 ወደ 9 ቢሄድ ያ ቀን ጥሩ ቀን ስለነበር ሊሆን ይችላል። 3 ሲጨምር ግን ለውጥ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ግብ ከመለኪያው ስህተት መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ራስን ማታለል ነው።

ማክሰኞ፣ ዓርብ፣ እሁድ

የቤት ፕሮግራሙን ከማውጣቴ በፊት ሳምንታቸውን ጠየቅኩ። ሰኞና ሐሙስ ትልቁ የገበያ ቀናቸው ነው፤ ሲመሽ እግራቸው ዝሏል። ጠዋት ጉልበታቸው ይያያዛል፤ ሥራም ይጣደፋሉ። ማጠናከሪያ ለሚሠራ ጡንቻ በመሀል ቢያንስ አንድ ቀን ማረፍ ይገባዋል። ስለዚህ ማክሰኞ፣ ዓርብና እሁድ ወጣ። ሰዓቱ አመሻሽ 12 ሰዓት፣ ቡናው ከመፈላቱ በፊት። ዓርብ ጾም ቢሆንም በዚያ ሰዓት ጾሙ ተፈትቶ ምግብ ቀምሰዋል። «ከቡና በፊት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቡናው ቤታቸው ውስጥ አይቀርምና።

እንቅስቃሴው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ከበርጩማው መነሳት፦ በ36 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ 6 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ እንደገና 6፣ እረፍት፣ 6። መቻል የቻሉት 9 ነበር፤ 6 ሲሠሩ 2 ወይም 3 የሚሆን አቅም ይተርፋቸዋል። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ቀኝ እግራቸው ከግራው ግማሽ ጫማ ያህል ወደ ኋላ ይሆናል። ወደ ኋላ ያለው እግር ብዙውን ክብደት ይሸከማል፤ ቀኙን ማለፍ ያስቸግራቸዋል። ሁለተኛው በቤታቸው ደፍ ላይ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ነው፣ በቀኝ እግር መውጣትና ቀስ ብሎ መውረድ፦ 8 ጊዜ፣ 2 ዙር፣ ግድግዳውን በጣት ነካ አድርገው። መራመድ አላዘዝኩም። ወደ ጉሊት ደርሶ መልስ ይበቃቸዋል። ሙቀቱን ከፈለጉ ይያዙት አልኩ፤ ያስታግሳል እንጂ ከበርጩማ አያነሳም።

ሌላው የዕቅዱ ክፍል ጉሊቱ ላይ ነው። ለጊዜው 24ቱን በርጩማ እንዲተዉና የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው፣ ላዩን በታጠፈ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሰው፣ ወደ 36 እንዲጠጋ አድርገው እንዲቀመጡበት ተስማማን። መጀመሪያ ቅር አላቸው። «ታዲያ መቼ ልለማመድ ነው?» አሉ። ቀኑን ሙሉ በማይቆጠር፣ በማይለካ ሸክም ጉልበቱን እያስቆጡ ማታ ማጠናከር አይሆንም። ሸክሙን ከማንቆጣጠረው ቦታ ቀንሰን በምንቆጣጠረው ቦታ እንጨምረዋለን። ይህን ሳስረዳቸው ተቀበሉ።

መዝገቡ የግድግዳ ካላንደር ነው። ልጅቷ በየቀኑ ሳጥን ውስጥ ሦስት ቁጥር ትጽፋለች፦ ስንት ተሠራ፣ ሲሠሩ ህመሙ ከ10 ስንት ነበር፣ በማግሥቱ ጠዋት ስንት ሆነ። ሦስተኛው ዋናው ነው። ሲሠሩ እስከ 4 ቢያም ችግር የለም። ጠዋት ግን ወደ ወትሮው መመለስ አለበት፤ የእሳቸው ወትሮ 2 ነው። ጠዋት ከ2 ካለፈ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጣውላ ይጨመራል ወይም አንድ ዙር ይቀነሳል። በተከታታይ ሁለት የእንቅስቃሴ ቀን ከ6 ከፍ ብለው በሦስቱም ዙር 8 ጊዜ ከሠሩና ጠዋቱ 2 ከሆነ አንድ ጣውላ ይወጣል። ጉልበቱ ካበጠና ከጋለ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ህመም ከመጣ ካላንደሩን ትቶ ወደ ሐኪም ነው።

የ2ኛው ሳምንት ቁጥሮች

በ2ኛው ሳምንት መጨረሻ ካላንደሩን ይዘው መጡ። ማክሰኞ 6፣ 6፣ 6። ጠዋት 2። ዓርብም እንዲሁ። እሁድ ሳጥኑ ውስጥ ህመም 3፣ ጠዋት 2 ይላል። ሰኞ ምንም የለም። ግን ጉልበታቸው አበጥ ብሏል፤ ሲራመዱም ይሸሹታል። ካላንደሩ ሰላም ነው ይላል፣ ጉልበቱ ሌላ ይላል።

ልጅቷን አየኋት። እናቷን አየች። «በየቀኑ ነው የሠራችው» አለች በመጨረሻ። «ቀለለኝ ብላ ጠዋትም ማታም። ጣውላም አውጥታለች። አትጻፊው አለችኝ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸውም ራሳቸው ተረቱት። መቆጣት አልፈለግኩም። ሰው የሚቸኩለው ዕቅዱን ስለናቀ ብቻ አይደለም፤ ተስፋ ስላየም ነው። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የተደበቀ ቁጥርም እንደዚያው ነው። እውነቱን ባላውቅ ኖሮ እንቅስቃሴው አልተስማማቸውም ብዬ ሙሉ ዕቅዱን ልጥለው እችል ነበር። የተሳሳተው እንቅስቃሴው አልነበረም፤ መጠኑ ነው። 4 ቀን ደፉን አስቆምኩ። በርጩማውን በ39 ሴንቲ ሜትር፣ 2 ዙር ብቻ አደረግኩ። በሳምንቱ እብጠቱ ሄደ፤ ወደ 36 ተመለስን። ከዚያ በኋላ በካላንደሩ ላይ የማይሠራባቸውን ቀናት ልጅቷ በቀይ እስክሪብቶ እንድታሰምር አደረግን። እረፍት ዕቅዱ ውስጥ እንዳለ ካልተጻፈ እንደ ስንፍና ይቆጠራል።

6ኛውና 12ኛው ሳምንት

በ6ኛው ሳምንት 30 ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ጊዜ ተነሱ። ግቡ 5 ነበር። በወንበሩ 11፣ ልክ እንደተጻፈው። መታጠፍ 120 ዲግሪ፤ ይህን «ለውጥ የለም» ብዬ ነው የመዘገብኩት፣ 2 ዲግሪ መለኪያው ውስጥ ይሰወራልና። መዘርጋቱ እንደነበረው ነው፤ አካሄዳቸውን አይቼ አሁንም ተውኩት። የፊት ጭኑ በእጅ ሲለካ? አሁንም ከ5 4! ከበርጩማ የሚነሱበት ከፍታ ወርዷል፣ የወንበሩ ቁጥር ጨምሯል፣ ያ ሁሉ 4 ላይ አይታይም። የመጀመሪያው ወረቀት የሚለካውን ብቻ ብንለካ ኖሮ ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም አልሆነም ብለን እናቆም ነበር።

12ኛው ሳምንት ላይ 27 ሴንቲ ሜትር 5 ጊዜ፣ ህመም 2። 24 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ህመም 4። ግቡ ሙሉ በሙሉ አልተመታም፤ መዝገቡ ላይም እንደዚያ ነው ያለው። ለሚቀጥለው ምን ይሻላል ብለን ሦስታችን ቁጭ ብለን ተነጋገርን። አንዱ መንገድ 6 ሳምንት ጨምሮ ለ24 መታገል ነው። ሌላው ለጉሊቱ 27 እንዲበቃ አድርጎ አቅሙን ወደ ሌላ ማዞር። ምርጫው የእሳቸው ነው፤ ሁለተኛውን መረጡ። አንዱን ጣውላ አናጢ በርጩማው ላይ በምስማር መታላቸው። ጎረቤታቸውን ለመነሳት አይጠሯትም።

አሁን ያለው ዕቅድ የሚከተለው ነው። ያገኙት እንዳይጠፋ በሳምንት 2 ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከ27 ሴንቲ ሜትር 3 ዙር በ8። እሁድ ወደ ደፉ ሥራ ተዛውሯል፤ አሁን የከበዳቸው የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መውረድ ነው፣ በተለይ ነጠላቸውን በአንድ እጅ ይዘው። መነሻውን ለክተናል፦ 12 ደረጃ፣ መደገፊያውን ይዘው፣ አንድ በአንድ እየቆሙ፣ 38 ሰከንድ፣ ህመም 5። በ8 ሳምንት ውስጥ እግር እያፈራረቁ፣ ሳይደገፉ፣ በ20 ሰከንድ፣ ህመም ከ3 ሳይበልጥ። አዲሱ ካላንደር ላይ ልጅቷ የቀይ መስመሮቹን ቀድማ አስምራለች።